የልቤን ብነግረው ይጠብቅልኛል? የምክክር ክፍል ምሥጢር እስከ የት ድረስ እንደሚዘልቅ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። የሞጣ አካባቢ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ታላቅ ወንድሜ በወሰን ጠብ ተገደለብኝ። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሮ ነበር፤ አሁን ለአዲስ ዓመት በይቅርታ ሊፈታ ነው እየተባለ ነው። እናቴ ጥቁሯን እስከ ዛሬ አላወለቀችም። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ፣ ዓይኔን ስጨፍን ሰውየውን ስገድለው ነው የማየው። ጓደኛዬ ሆስፒታል ሄደህ ባለሙያ አናግር ይለኛል። የልቤን ብነግረው ምሥጢሬን ይጠብቃል ወይስ ፖሊስ ጠርቶ ያሳስረኛል?

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ለወንድምህ ነፍስ ይማር።

ስላሰብከው ነገር ብቻ ማንም አያሳስርህም። ሰውየውን መጥላትህን፣ «ሞቶ ባየሁት» ማለትህን፣ ሌሊት ሌሊት የምታየውን ሁሉ ለባለሙያ ብትነግረው ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ባለሙያው በራሱ ውሳኔ ለሌላ ሰው ሊናገረው የሚችለው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ አንድን የታወቀ ሰው በቅርቡ ለመጉዳት እንደቆረጥክና የምትጎዳበትም በእጅህ እንዳለ ባለሙያው ከተረዳ፣ ከዚያም ከአንተው ጋር ሆኖ ነገሩን ማብረድ ካቃተው። ያን ጊዜም ቢሆን የሚነገረው ሁሉም ነገር አይደለም፤ የሚነገረውም ለሁሉም ሰው አይደለም።

ፍርሃትህ ግን ይገባኛል። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ባለሙያውን ወይ እንደ ነፍስ አባቱ፣ ወይ እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው የሚያየው። የነፍስ አባት የሰማውን ይዞ መቃብር ይገባል። እኛ እንደዚያ ብለን መማል አንችልም፤ «ምንም ብትነግረኝ ለማንም አልናገርም» የሚልህ ባለሙያ ካጋጠመህ እሱን ተጠራጠረው። መርማሪው ደግሞ የሚጠይቅህ የሆነውን ለማውጣት ነው፣ እኛ የምንጠይቀው ነገ ሊሆን የሚችለው እንዳይሆን ነው። ጥያቄዎቹ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ የሚጠየቁበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ሕጉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምሥጢር የገለጠ ሰው፣ ባለጉዳዩ አቤት ካለ፣ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ማለትም የነገርከኝን ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ባወራው ተከሳሹ እኔ እንጂ አንተ አይደለህም። የሚቀጥለው አንቀጽ መግለጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ አንተ ራስህ ስትፈቅድ፣ ወይም ፍርድ ቤት ወይም የበላይ የሙያ አካል ሲፈቅድ ይገኙባቸዋል። ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ አንቀጽ 575 አለ፦ ሕይወቱ ወይም አካሉ በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወው ይቀጣል፤ መርዳት የሙያ ግዴታው የሆነ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠየቃል። እንግዲህ ባለሙያው የተቀመጠው በእነዚህ መካከል ነው። አፉን በከንቱ ቢከፍትም፣ መክፈት በሚገባው ሰዓት ቢዘጋም የሚጠየቅበት አንቀጽ አለ።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ሐሳብን ከቁርጥ ውሳኔ መለየት ነው። «ዓይኔን ስጨፍን ስገድለው አያለሁ» ብትለኝ አልደነግጥም። ወንድሙ የተገደለበት ሰው እንዲህ ማየቱ የተለመደ ነው፤ ሐዘን ውስጥ ቁጣ አለ፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ቁጣውን ያግለዋል። ቀጥዬ የምጠይቅህ ግን ግልጽ ግልጹን ነው። ሐሳቡ ስትነቃ ይለቅሃል ወይስ ቀኑን ሙሉ አብሮህ ይውላል? ሰውየው የት እንደሚያርፍ አጣርተሃል? መሣሪያ አለህ? የት ነው ያለው፣ ጥይትስ? ከዚህ በፊት ሰው ላይ ተኩሰህ ወይም በዱላ ተማትተህ ታውቃለህ? ስትጠጣ ምን ትሆናለህ? «ግደለው» የሚልህ ድምፅ ትሰማለህ? እስከ ዛሬ ምን ያዘህ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እወዳታለሁ። «እናቴ ሁለተኛ ልጇን እንዳታጣ» የሚል ሰውና «መፈታቱን እየጠበቅሁ ነው» የሚል ሰው ሌሊት የሚያዩት ሕልም አንድ ሊሆን ይችላል፣ ያሉበት ቦታ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

መልስህ ወደ መጀመሪያው ካዘነበለ ምሥጢርህ እንደተጠበቀ ሕክምናህ ይቀጥላል። እንቅልፍህን እናያለን፣ ሐዘኑን እናወራለን፣ አለቀ። አብዛኛው ሰው ያለው እዚህ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ጥቂቶቹ ነው፤ አንተም ጠይቀሃልና እስከ መጨረሻው ልንገርህ።

ባለሙያ ሁሉ የሚማረው አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ፕሮሴንጂት ፖዳር የሚባል ወጣት፣ የሚያክመውን የሥነ ልቦና ባለሙያ አንዲት ልጅ ከጉዞዋ ስትመለስ እንደሚገድላት ነገረው። ስሟን ባይጠራም ታቲያና ታራሶፍ መሆኗን ማወቅ ቀላል ነበር። ባለሙያው ዝም አላለም፤ ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፣ ፖሊሶቹም ልጁን ያዙት። ነገር ግን ሲያነጋግሩት ጤነኛ መሰላቸውና ከእሷ እንዲርቅ ቃል አስገብተው ለቀቁት። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ የተጻፈው ደብዳቤ ተመልሶ ማስታወሻው እንዲጠፋ አዘዘ። ለታቲያናም ለወላጆቿም የነገረ ሰው አልነበረም። በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደላት። ወላጆቿ ከሰሱ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ባለሙያ አደጋ የተደቀነበትን ሰው የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት አለ። ጉዳዩን እንደገና ሲያየው በ1976 ቃሉን አሰፋው፦ ግዴታው መጠበቅ ነው፤ ማስጠንቀቅ ከመጠበቂያ መንገዶች አንዱ ነው፣ ብቸኛው ግን አይደለም።

ያ ፍርድ እኛን አይገዛም። ግን በ1974 እና በ1976 መካከል ያለው ልዩነት ጎጃም ውስጥ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ደም ባለበት ቤት ሄደህ «እገሌ ሊገድልህ ነው፣ ተጠንቀቅ» ብትል ምን ይፈጠራል? ሰውየው ብቻውን አይደለም፤ ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው፣ ቤቱ ጠመንጃ አለ። ከመገደል ብለው ቀድመው ይወጣሉ። አንድን ሰው ለማዳን ብለህ ታካሚህን ታስገድላለህ፣ ከዚያ ደግሞ ሦስተኛ ሬሳ ይከተላል። በሙያችን መጽሐፍ እንደተጻፈው ለተዛተበት ሰው ስልክ መደወል እዚህ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። በዚህ የማይስማሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ እነሱ «የሚሞተው ሰው የማወቅ መብት አለው» ይላሉ። መብቱን አልክድም፣ ነገር ግን የሚነገረው ራሱን ማራቅ በሚችልበት መንገድ፣ በሚያስጠጋውም አካል በኩል ይሁን ነው የምለው።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ሰው ላሳይህ። የማንነቱን ምልክት ሁሉ ቀይሬያለሁ፣ ታሪኩም ከአንድ በላይ ሰው የተውጣጣ ነው፤ የቀረው የሥራው ሂደት ነው።

የቢቸና ገጠር ገበሬ ነው እንበል፣ ወደ አርባ የሚጠጋ። ያመጣው ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ነው። የታናሽ ወንድሙ ገዳይ ሊፈታ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ሲገባ ፊቱ ተፈትቷል፣ ድምፁ ረግቷል። «አሁን ደኅና ነኝ» አለኝ። አረቄ መተዉን፣ የእህል ብድሩን መክፈሉን፣ የጎተራውን ነገር ለሚስቱ ማስረከቡን እንደ ደግ ዜና ነገረኝ። አረቄውን ለምን ተውክ ብለው «እጄ እንዳይንቀጠቀጥ» አለ። ወይፈን ሸጦ ክላሽ ገዝቷል። የሚጠብቅበትን የወንዝ መሻገሪያ ያውቃል፣ ቀኑንም ያውቃል፤ ከአሥር ቀን በታች ነበር የቀረው።

እንዲህ ያለ ድንገተኛ መረጋጋት ከጩኸትና ከዛቻ ይልቅ ያስፈራል። የሚፎክር ሰው ብዙ ጊዜ ገና እያመነታ ነው። ዕዳውን የሚከፍል፣ ቤቱን የሚያስረክብ ሰው ጨርሷል። ራሱን ሊያጠፋ በቆረጠ ሰው ላይም የሚታየው ይኸው ነው፣ የምሥጢሩም ወሰን እዚያ ላይ እንደዚሁ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ነገሩን እዚያው ለራሱ መንገር፦ «መጀመሪያ ስንገናኝ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ዝም አልልም ብዬህ ነበር። አሁን እዚያ ደርሰናል። ግን ሳልነግርህ ከጀርባህ ምንም አላደርግም።» ቀጥሎ ምሥጢሩን ሳይሰብሩ አደጋውን የሚያርቅ ነገር መፈለግ። እሱ ራሱ ፈቅዶ ክላሹን የሚይዝለት ሰው ቢገኝ፣ በየሦስት ቀኑ ቢመጣ፣ ሰውየው የሚፈታበትን ሰሞን ከአካባቢው ቢርቅ፣ ለማንም ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር። ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ለአጎቱ እንድንደውል ፈቀደ። ፈቃድ ስለሰጠ ይህ ምሥጢር ማውጣት አይባልም። ድምፁን ከፍ አድርገን ደወልን። አጎትየው አዳመጠና «ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? እኔም ቀኑን ነው የምጠብቅ» አለ።

ቤተ ዘመድ ሁልጊዜ አብራጅ አይደለም። በመጽሐፉ «ቤተሰብን አሳትፍ» ተብሎ የተጻፈው፣ ቤተሰቡ ራሱ «ወንድ ጠፋ ወይ» እያለ ሲገፋ አይሠራም። ያ በር ሲዘጋ መጠበቂያ መንገዱ ከቤት ውጭ መሆን ነበረበት። ሆስፒታል ማስተኛት አስበን ነበር። ነገር ግን አእምሮው አልተቃወሰም፣ ድምፅ አይሰማም፣ ያለውን ሁሉ አውቆ ነው የሚለው። አልጋ እስር ቤት አይደለምና ሳይታመም አስተኝቶ መያዝ አይቻልም።

በሥራው ከእኔ የሚበልጥ ባለሙያ ጠራሁ፤ ሰውየውን እሱም ለብቻው አነጋገረው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለአንድ ሰው አይተውም። የደከመ ባለሙያ ሐሳቡን ያጋንናል፣ ታካሚውን የወደደ ባለሙያ ያቃልላል። ሁለታችንም አንድ ላይ ስንደርስ በፋይሉ ላይ ሰውየው ያለውን በራሱ ቃል፣ ሰዓቱን፣ የሞከርነውን፣ ያልሠራበትን ምክንያት፣ ማን እንደተስማማ ጻፍን። ከዚያ እሱ እየሰማ ለወረዳው ፖሊስ ኃላፊ ደወልኩ።

የተናገርኩት ከአምስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ስሙ እገሌ የሆነ ሰው እንዲህ የሚባለውን እሥረኛ ሲፈታ ለመግደል ቆርጧል። ክላሽ አለው። ሊጠብቅ ያሰበው እዚህ ቦታ ነው። የሚፈታበት ቀንና የሚሄድበት መንገድ ይታሰብበት። ታካሚው አሁን እዚህ አለ፣ ምንም ወንጀል አልሠራም፣ ይህን መንገሬንም ያውቃል። ኃላፊው «ምንድን ነው በሽታው? አብዷል?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን መመለስ አልችልም አልኩት። የሚጠጣው መድኃኒት፣ ከሚስቱ ጋር ያለው ነገር፣ ስለ ወንድሙ ሲያወራ ማልቀሱ፣ አጎቱ ያለው ቃል፣ ከእነዚህ አንዱም ለጥበቃው አይጠቅምም፤ ስለዚህ አልተነገረም። የአጎቱን ጉዳይ በተመለከተ ብዙ አመነታን። እሱም ቀኑን እጠብቃለሁ ብሏልና። በመጨረሻ «ከዘመድም የሚያሰጋ አለ» ብቻ አልን፣ ስም ሳንጠራ።

ፖሊስ ያደረገው እንዲህ ነው። የሚፈታውን ሰው ሌላ ወረዳ ያለች እህቱ ዘንድ እንዲያርፍ አሳመኑት፣ በሌላ ቀንና በሌላ መንገድ በአጀብ ሸኙት። ገበሬውን ጠርተው ዋስ አስጠርተው አስፈረሙት። አልታሰረም። እኔን ግን አኩርፎ ሄደ፣ ለወራት ቀጠሮ ቀረ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ምሥጢር ሲወጣ ለሕክምናው የሚከፈል ዋጋ አለ፣ አንዳንዱ ሰው ጨርሶ አይመለስም። እሱ የተመለሰው ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። ሲገባ ያለኝ «ያኔ ሳትደብቂ ደወልሽ፤ ደብቀሽ ቢሆን ኖሮ አልመጣም ነበር» ነው። ሽምግልናው ተጀምሯል፣ እርቁ ግን ገና አልወረደም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ሰው ምሥጢሬ ይወጣል ብሎ ሲፈራ ፖሊስን ያስባል። እውነቱን ለመናገር በእኛ ትናንሽ ከተሞች ምሥጢር የሚወጣው በዚህ መንገድ አይደለም። ካርድ ክፍል ስምህ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ የሚጠራው ሰው የሰፈርህ ልጅ ይሆናል። ኮሪደሩ ላይ የእናትህ የማኅበር ጓደኛ ተቀምጣለች። በሩ አልተዘጋም። አብሮህ የመጣ ዘመድ «ምን አለ?» ብሎ ነርሷን ይጠይቃል፣ እሷም ከደግነት ብላ ትነግረዋለች። ይሄ ነው የበዛው፣ ሕጉም የከለከለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ብቻህን ሂድ፤ ጓደኛህ ከመጣም ውጭ ይጠብቅ። በሩ ይዘጋ በል። ማሳፈር የለበትም።

መጀመሪያ ስትገባ፣ ሐሳብህን ከመዘርዘርህ በፊት፣ «የምነግርህን የምትናገረው መቼ ነው? ለማን? ቀድመህ ትነግረኛለህ?» ብለህ ጠይቅ። ደንበኛ ባለሙያ ይህን ራሱ ቀድሞ ያነሣል፤ ካላነሣ አንተ አንሣ። «የምጽፈውን ማን ያየዋል?» ማለትም ትችላለህ። ፍርድ ቤት በትእዛዝ ፋይል ሊጠይቅ እንደሚችል፣ በሥራ ላይ ያሉ ሌሎች ሐኪሞችም ለሕክምናህ የሚያስፈልጋቸውን እንደሚያዩ ሊነግርህ ይገባል። መልሱ ካላረጋጋህ በዚያ ቀን ስለ እንቅልፍህ ብቻ አውርተህ መውጣት መብትህ ነው። ሌላ ባለሙያ መፈለግም ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም። መሣሪያ እንዳለህና እንደሌለህ አልጻፍክም። ካለህ፣ ባለሙያ እስክታገኝ ድረስ አትጠብቅ፤ ደም ያልነካው፣ ይህ ነገር የማያገባው ሰው ዘንድ ዛሬውኑ አስቀምጠው። ለምን ብሎ ከጠየቀህ «እንቅልፍ የለኝም፣ ቤት ባይኖር ይሻላል» በለው፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብህም። ቀኑ ሲቃረብ ሐሳቡ ማታ ማታ መሆኑ ቀርቶ ቀን ቀን ከተከተለህ፣ ወይም ድንገት ልብህ ቀዝቅዞ ዕዳህን መቁጠር ከጀመርክ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድና ልክ ለእኔ እንደጻፍከው አድርገህ ለተረኛው ንገረው።